የብሔረሰብ ድንበር በሐረርና በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ብሔረሰብ ማንነት በተነሣ ቁጥር የሚደጋገሙ ሲሆኑ፣ መልሶቹ በአብዛኛው በጀጎል ሐረሪዎችና በጎረቤቶቻቸው ላይ ያተኩራሉ።

የብሔረሰብ ድንበር ሲባል መሬት ላይ የተሠመረ ወሰን ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ድንበር የሚባለው ሰዎች እርስ በርሳቸው «የእኛ ወገን» እና «የሌላ ወገን» እየተባባሉ የሚለያዩበት፣ በዚያም መለያ መሠረት ማን ከማን ጋር ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያውቁበት የማኅበራዊ ኑሮ መስመር ነው። መስመሩ በካርታ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በሠርግ ጥሪ፣ በቀብር፣ በጋብቻ ድርድርና በቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ነው።

በዚህ ረገድ ሐረር ጥሩ ማስረጃ ናት፤ ምክንያቱም በዓይን የሚታይ ግንብም አላት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ሲሆን፣ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ነበር። በዚያ ዘመን ግንቡና የማንነቱ መስመር የተቀራረቡ ነበሩ ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ብዙ ሐረሪዎች ከግንቡ ውጭ፣ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በካናዳዋ ቶሮንቶ ይኖራሉ፤ በግንቡ ውስጥ ደግሞ ኦሮሞዎች፣ አማሮች፣ ጉራጌዎችና ሌሎችም ቤት ይዘው ይኖራሉ። የወጡት ሐረሪነታቸውን አልተዉም፤ የገቡትም በመግባታቸው ብቻ ሐረሪ አልሆኑም።

ታዲያ አንዱን ሕዝብ ከሌላው የሚለየው ባህሉ አይደለምን?

ባህል ለመለያ ያገለግላል፤ ነገር ግን ልዩነት ሁሉ መለያ አይሆንም። ከሐረር ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬ እንደ ሐረሪው ሙስሊም ነው፤ ሁለቱም የሚከተሉት ሻፊዒ የተባለውን የእስልምና ሕግ መዝሀብ ነው፤ አንድን ወልይ፣ ማለትም በቅድስናው የሚከበር ሰው፣ ለመዘየር አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ሆኖም ይህ ሁሉ የጋራ ነገር ሁለቱን አንድ ብሔረሰብ አላደረጋቸውም። በሌላ በኩል የሐረሪ ቋንቋ ሴማዊ ሆኖ ከስልጤ ቋንቋ ጋር የቅርብ ዝምድና ቢኖረውም፣ ሐረሪና ስልጤ ዛሬ ራሳቸውን እንደ ሁለት ሕዝብ ይቆጥራሉ። ተመሳሳይነትን እየቆጠሩ ድንበሩን ለማግኘት መሞከር እንግዲህ የትም አያደርስም።

የባህሉ ይዘት ሲለወጥም መስመሩ ሊቆይ ይችላል። ጌ ጋር የሚባለው ባህላዊው የሐረሪ ቤት ሰዎች እንደየማዕረጋቸው የሚቀመጡባቸው ነደባ የተባሉ የከፍታና የዝቅታ መደቦች አሉት፤ ግድግዳውም በስፌት ያጌጠ ነው። በአፓርታማ ውስጥ ሶፋ ላይ የሚቀመጠው የአዲስ አበባ ሐረሪ ነደባ የለውም፤ ሐረሪነቱ ግን አጠያያቂ አይደለም። ቤቱ ከተለወጠ በኋላም አንዳንዱ ነገር፣ ለምሳሌ ስፌቱ፣ በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀጥላል። በፊት የቤት ዕቃ የነበረው አሁን የማንነት ምልክት ሆኗል ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? ኢትዮጵያን የሚመለከት ጥናትስ ነበረበት?

አስተሳሰቡን በስፋት ያስተዋወቀው ፍሬድሪክ ባርት የተባለ ኖርዌያዊ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እርሱ ባሳተመው የጥናቶች መድበል መግቢያ ላይ፣ ተመራማሪው በብሔረሰቡ ድንበር ውስጥ የታቀፈውን የባህል ዝርዝር ከመቁጠር ይልቅ ድንበሩ ራሱ እንዴት እንደሚጠበቅ መመርመር አለበት ሲል ተከራከረ። ከዚያ በፊት በሰፊው የሚታመነው ሕዝቦች ተለያይተው የቆዩት ስላልተገናኙ ነው የሚለው ነበር። የባርት መልስ ግን ሰዎች በመስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱም፣ እየተገበያዩም፣ መስመሩ እንዳለ ይኖራል የሚል ነበር።

በዚያው መድበል ውስጥ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን የተባለ ስዊድናዊ ስለ አርሲ ኦሮሞዎችና ስለ ጎረቤቶቻቸው ጽፏል፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከምሳሌዎቹ አንዷ ነበረች። ሌላው የመድበሉ ጸሐፊ ጉናር ሆላንድ ያጠናው በሱዳን ዳርፉር የሚኖረውን የፉር ሕዝብ ነው። ፉር ገበሬ ነው፤ ከብት ሲበዛለት ግን በእርሻ መንደሩ ውስጥ መንጋውን ማቆየት ይቸግረዋል፤ ከመንጋው ጋር ወጥቶ ባጋራ እንደሚባሉት ዐረቦች አርብቶ አደር ይሆናል፤ ኑሮው ሲለወጥ ጎረቤቶቹም ከባጋራዎቹ እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። ሰው መስመሩን ተሻገረ፤ መስመሩ ግን አልጠፋም። ይህን ምሳሌ ወደ ሐረር ስንመለስ እንፈልገዋለን።

ሐረሪዎች በቁጥር ጥቂት ሆነው ማንነታቸውን እንዴት ጠብቀው ቆዩ?

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ ከ183 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሐረሪ የሆነው ከመቶ 9 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከግማሽ በላዩ ኦሮሞ፣ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ደግሞ አማራ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ሕዝብን እንደ ሕዝብ ያቆየው ግንቡ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እኔ ግን ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለአፎቻ ነው።

አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን የተቋቋመ የሐረሪዎች ማኅበር ነው። የወንዶችና የሴቶች አፎቻ ለየብቻ ነው። ሥራው ከእድር ጋር ስለሚመሳሰል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ መዋጮ አለ፣ በሐዘን ቤት መገኘት ግዴታ ነው፣ የቀረ ይጠየቃል። የሚለየው አንድ ሰው የሚያወጣው ጊዜ ብዛትና ማኅበሩ ከሌሎች ትስስሮች ጋር የተጋመደበት መንገድ ነው። አንድ ሐረሪ በአንድ በኩል አህሊ የሚባለው የሥጋና የጋብቻ ዘመድ አለው፤ በሌላ በኩል ከልጅነት የሚዘልቁ እኩያ ጓደኞች አሉት፤ በሦስተኛ ደረጃ አፎቻው አለ። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ሰዎችን ስለሚያሰባስቡ፣ በከተማዋ ውስጥ አንድ ሰው ከማንኛውም ሌላ ሐረሪ ጋር ቢበዛ በሁለት ወይም በሦስት ሰው በኩል ይገናኛል። ወሬ በፍጥነት ይደርሳል፤ ነውርም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር ክልከላ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ማንም ሐረሪን ከኦሮሞ ወይም ከሶማሌ ጋር አትወዳጅ አላለውም። ነገር ግን በሙስሊም ሥርዓት ቀብር ሳይዘገይ ስለሚፈጸም፣ ጥሪ ሲመጣ ሥራን ጥሎ መሄድ አለ፤ ሠርጉም ቀናት የሚፈጅ ነው፤ ሴቶች ደግሞ ከወንዶቹ የበለጠ ቀን ያጠፋሉ። ይህን ሁሉ የሚፈጽም ሰው ለሌላ ወገን ተመሳሳይ ግዴታ ለመግባት ጊዜም ገንዘብም አይተርፈውም። መስመሩ የቆመው በዋናነት በጥላቻ ሳይሆን ጊዜን በሚወስድ ግዴታ ነው፤ ለዚህም ነው ከጎረቤት ጋር በሰላም እየኖረ ሊቆይ የቻለው።

ከጎረቤት ጋር መቀላቀሉ ታዲያ የት ላይ ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ በገበያ ነው። በሸዋ በርና በሌሎቹ በሮች ወተት፣ ማገዶ፣ አትክልትና ጫት ይዘው የሚቀመጡት በአብዛኛው ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች ናቸው። ሐረሪዋ ደንበኛ ከእነርሱ ጋር የምትነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ እቤቷ ስትመለስ በሐረሪ፣ ቢሮ ስትሄድ በአማርኛ ትናገራለች። አንዳንዱ ሶማልኛም ዐረብኛም ይጨምራል። እዚህ ከተማ ውስጥ የሌላውን ቋንቋ ማወቅ መስመር መሻገር አይደለም፤ እንዲያውም ለየቦታው የተመደበ ቋንቋ መኖሩ ቦታዎቹ እንዳይደበላለቁ ያደርጋል።

ሁለተኛው መገናኛ አዋች የሚባሉት የወልዮች ቦታዎች ናቸው። ጀጎል በዓለም ቅርስነት በ1998 ዓ.ም. ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የወልይ ቦታዎች እንዳሉባት ተጠቅሷል። ወደነዚህ ቦታዎች ከከተማውም ከገጠሩም ሰው ይመጣል፤ የአው አባድርን ቦታ ለመዘየር የሚመጣውን ሰው ማንም ብሔርህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ከረመዳን በኋላ ያለው የሸዋል ጾም ሲያበቃ የሚከበረው ሹወሊድ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሁሉም መጥቶ ያያል፣ ይጨፍራል፤ በዓሉ የማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ለሐረሪ ወጣቶችም መተያያና መተጫጫ ነው። ጋብቻ ደግሞ መስመሩ ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው።

ሐረሪ ያልሆነ ሰው ሐረሪ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ሲሆንም ኖሯል። በአሚሮቹ ዘመን ከዙሪያው የኦሮሞ ጎሳዎች ጋር በጋብቻ መዛመድ የተለመደ ነበር፤ ዐረብም ሶማሌም በከተማው ሕዝብ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። ለማስረዳት ያህል አንድ የኦሮሞ ወጣት በቀድሞው ዘመን ይሄድበት የነበረውን መንገድ ደረጃ በደረጃ እናስብ። መጀመሪያ በአንድ የሐረሪ ነጋዴ ሱቅ ወይም ቤት ለሥራ ይገባል። ከቤቱ ልጆች ጋር ስለሚውል ቋንቋውን ይለምዳል፤ ግን በዚህ ደረጃ ሐረሪኛ የሚናገር ኦሮሞ እንጂ ሌላ አይደለም። ሃይማኖቱ ያው ስለሆነ በዚያ በኩል የሚከለክለው የለም። ቀጥሎ በግንቡ ውስጥ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ ንግድ ይጀምራል፤ እኩዮች ያፈራል። ወሳኙ ነገር የሚመጣው ሲያገባ ነው፤ የሐረሪ ልጅ ካገባ አህሊ አገኘ ማለት ነው፤ በአማቾቹ በኩልም አፎቻ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ጉዳይ ነው። ሐዘን ላይ ካልቀረ፣ መዋጮውን ከከፈለ፣ ልጆቹን በሐረሪኛ ካሳደገ፣ ልጆቹ ሐረሪ ናቸው፤ የልጅ ልጆቹ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የአያት መምጫ ከቤተሰቡ ውጭ እምብዛም አይነሣም። ተነሥቶ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ጋብቻ ሲጠየቅ ወይም ጠብ ሲኖር ነው። መንገዱ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በጋብቻው ላይ ነው። የልጅቱ ወገን ካልፈቀደ፣ ሰውየው በንግድ ቢከብርም፣ ቋንቋውን አሳምሮ ቢናገርም፣ ጎረቤትና ደንበኛ ሆኖ ይቀራል። መሻገሩ የተሳካ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሚጠቅመው ጥያቄ «ራስህን ምን ትላለህ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ስትሞት ማን ይቀብርሃል?» የሚለውም ነው። ቀብሩን የሚያስፈጽመው አፎቻ ከሆነ ነገሩ አልቋል።

ከዳርፉሩ ምሳሌ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። እዚያ መሻገሪያው ከብት ነው፤ ሀብቱ በራሱ የኑሮውን ዓይነት ይለውጠዋል። በሐረር ግን ሀብት ብቻውን አያሻግርም፤ ሌሎች ሰዎች በግዴታቸው ውስጥ እንዲያስገቡህ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስለ አንድ ብሔረሰብ ድንበር ስንጠይቅ «ሰው ይሻገራል ወይ?» ከሚለው በላይ «የሚሻገረው ምን ይዞ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይነግረናል።

ሃይማኖት ሲለያይስ እንዴት ይኖራል?

ከ1879ኙ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ጦርና አስተዳደር ሐረር ሲገባ፣ አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች በብዛት መጥተው ሰፈሩ። በፈረስ መጋላ የነበረው ትልቅ መስጊድ ቦታም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት። ይህ አጀማመር የገዥና የተገዥ አጀማመር እንደነበረ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት፤ ሆኖም ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩት የእነዚያው ሰዎች ልጆች ናቸው።

በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል ያለው መስመር በየዕለቱ የሚታየው በሥጋ ላይ ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሥጋ ቤቶቹም የተለያዩ ናቸው። ከሌላ አገር ለሚመጣ ሰው ይህ መራራቅ ይመስለዋል። በሐረርም በድሬዳዋም ሠርግ ላይ የተገኘ ግን ሌላ ነገር ያያል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬውን ወይም ፍየሉን በሙስሊም አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ማብሰሉንም ለሙስሊም ጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ፣ ለብቻ ማዕድ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙ ደጋሽም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። ጎረቤቱ ሠርጉ ላይ ሊቀመጥ የቻለው መስመሩ ምን እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ስለሚያውቁና ስለሚያከብሩት ነው። ደንቡ ባይታወቅ ኖሮ እያንዳንዱ ግብዣ ጥርጣሬ ይሆን ነበር። አንድ ድስት ላይ ሁሉንም ለማብላት የሞከረ ደጋሽ ደግሞ፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ ግማሹን እንግዳ ሳያስቀይም አይቀርም።

ሥጋ የሌለበት መገናኛ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። በርጫ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ ጫቱም፣ ለውዙም፣ ሻዩም የጋራ ነው፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙ ውልና ብዙ ወዳጅነት እዚያ የሚጀመረው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

መስመሩ የቆመበት የኑሮ መሠረት ሲፈርስ መስመሩም ይፈርሳል?

በአንድ ወቅት የሐረሪና የኦሮሞ ልዩነት የሥራ ልዩነትም ነበር። ሐረሪው የከተማ ነዋሪ፣ ነጋዴና በግንቡ ዙሪያ የአትክልትና የእርሻ መሬት ባለቤት ሲሆን፣ መሬቱን በአብዛኛው የሚያርሰው የኦሮሞ ጭሰኛ ነበር። ባርትና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለውን መደጋገፍ ለድንበር ጽናት ትልቅ ምክንያት አድርገው ያዩ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር ስለሚያመርቱ አንዱ ሌላውን ይፈልገዋል፣ ግን ቦታውን አይሻማውም።

ይህ መሠረት ሁለት ጊዜ ተናግቷል። በ1940 ዓ.ም. ከሶማሌ ወጣቶች ማኅበር ጋር የተያያዘው ኩሉብ የሚባለው የሐረሪዎች እንቅስቃሴ ሲታፈን ብዙ ሰው ታሰረ፤ ንብረት ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም ከተማውን ለቅቆ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ የእርሻ መሬቱን፣ ከወራት በኋላ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የሚከራየውን ቤት ወሰደ። ባለመሬትና ጭሰኛ የሚባል ነገር ቀረ። መስመሩ በኑሮ ልዩነት ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ መሳሳት ነበረበት። የሆነው ግን የተበተኑት ሐረሪዎች በመርካቶም በውጭ አገርም አፎቻቸውን እንደገና ማቋቋማቸው ነው። ግዴታው ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ አብሮ ተጓዘ።

«የድሬ ልጅ» የሚባለው እንደ ብሔረሰብ ይቆጠራል?

አይቆጠርም፤ ግን ባዶ ስምም አይደለም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ፈረንሳዮች የነደፉት ቀጥ ያለ መንገድ ያለው ከዚራ፣ ወዲያ ማዶ መጋላ። የሠፈሩባት ኦሮሞዎች፣ ሶማሌዎች፣ አማሮች፣ ጉራጌዎች፣ ሐረሪዎች፣ ዐረቦችና ሌሎችም ከምድር ባቡሩና ከንግዱ ጋር የመጡ ወይም በዚያው አካባቢ የነበሩ ናቸው። የድሬ ልጅነት በአነጋገር፣ በቀልድ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ በመቀላቀልና በግልጽነት ይታወቃል።

ብሔረሰብ የማይሆነው የዘር ሐረግ ስለማይቆጥር፣ ጋብቻን ስለማይደነግግና ቀብርን ስለማያስፈጽም ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ሁለት የድሬ ልጆች ሲገናኙ የየብሔራቸው ነገር ወደኋላ ይቀራል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መስመር ውስጥ ይኖራል፤ የትኛው ፊት እንደሚወጣ የሚወስነው ቦታውና ጉዳዩ ነው።

አባቱ ከአንድ፣ እናቱ ከሌላ ወገን የሆነ ሰው የየትኛው ነው?

በአካባቢው የተለመደው ልጅን በአባት መቁጠር ነው። ሆኖም በተግባር የሚታየው ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ሐረሪ ሆና፣ በእናቱ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ቋንቋውም፣ ጓደኞቹም፣ የሚሄድበት ሐዘንም የእናቱ ወገን ይሆናል፤ የስሙ ሐረግ ግን የአባቱ ነው። በዕለት ኑሮ ይህ ችግር አይፈጥርም፤ በአንዱ ቤት እንዲህ፣ በሌላው ቤት እንዲያ ሆኖ ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ያለው ቅጽ ሲቀርብለት ነው። የቀበሌ መታወቂያ «ብሔር» የሚል መስመር የነበረው በብዙ ቦታ ሲሆን፣ ያ መስመር ሁለት መልስ አይቀበልም ነበር።

መንግሥት መስመሩን በሕግ ሲያጸናው ምን ይለወጣል?

በሐረሪ ክልል ምክር ቤት ካሉት 36 መቀመጫዎች 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የተመደቡ ናቸው፤ ለእነዚህም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ጭምር ድምፅ ሲሰጡ ቆይተዋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። በድሬዳዋ ደግሞ ሥልጣን ከመቶ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች የሚል አከፋፈል ለዓመታት ሲሠራበትና ሲያከራክር ኖሯል። ለሐረሪ ይህ ዋስትና ከሌለ በራሱ ከተማ ውስጥ በድምፅ ብልጫ የሚዋጥ ሕዝብ ነው፤ ለሌላው ነዋሪ ግን ተወልዶ ባደገበት ከተማ ድምፁ ቀልሎ የሚመዘን ይመስለዋል። ሁለቱም አስተያየት በራሱ መሠረት አለው፤ በዚህ ገጽ ላይ የምናስተውለው ግን በመስመሩ ላይ የሚደርሰውን ነው።

ቀድሞ ሐረሪ ማን እንደሆነ የሚወስነው በሐዘንና በሠርግ የሚታየው ረጅም ሂደት ነበር፤ ማንም በአንድ ቀን አዎ ወይም አይደለም ብሎ አይፈርድም። ወንበርና በጀት በማንነት ሲከፋፈል ግን መልሱ በአንድ ቀን፣ በመራጮች መዝገብ ላይ መሰጠት አለበት። ያ ዝግ ብሎ ይሻገር የነበረ ሰው አሁን ሲሻገር ድርሻ እንደሚሻማ ተደርጎ ይታያል። ባርትን የተቹ ምሁራን ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ በ1969ኙ ጽሑፍ ውስጥ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ በደንብ ይታያሉ፣ መንግሥት ግን ብዙም አይታይም። እርሱም በኋላ በጻፈው ላይ መንግሥትን ራሱን የቻለ ተዋናይ አድርጎ ወደ ትንተናው አስገብቶታል።

ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረ ሕዝብ ታዲያ ለምን ይጋጫል?

ጥያቄው የሚነሣው መቀላቀል መስመሩን ያጠፋል ከሚል እምነት ነው። እስካሁን እንዳየነው መቀላቀሉ የሚካሄደው በመስመሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ አማችነት ለግጭት መከላከያ ሆኖ የሚያገለግለው በተወሰነ ደረጃ ነው። ግጭትን የሚያመጣው መስመሩ መኖሩ ሳይሆን፣ መሬት፣ ውኃ፣ ሥራ ወይም ሥልጣን በዚያው መስመር ተከፍሎ ሲሰጥና ሰው ከሁለት ወገን አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ሲገደድ ነው።

በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩት ጉርጉራዎች ይህን በጉልህ ያሳያሉ። የዘር ቆጠራቸውን ዲር ወደተባለው የሶማሌ ጎሳ የሚያደርሱ አሉ፤ በአብዛኛው የሚናገሩት ግን ኦሮምኛ ነው፤ ከኦሮሞ ጎሳዎችም ጋር ለዘመናት ተዛምደው ኖረዋል። ለአንድ የጉርጉራ ሽማግሌ ሶማሌ ጎረቤቱ ሲመጣ የዲርን ሐረግ መቁጠር፣ የኖሌ ኦሮሞ ሲመጣ ደግሞ በኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት መነጋገር ውሸት አልነበረም፤ ሁለቱም እውነተኛ ዝምድናዎች ናቸው፣ ሁለቱም በድርቅ ጊዜ የግጦሽ መሬት ያስገኛሉ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በሚያወዛግቡ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ግን፣ የቀረበው ምርጫ ወይ ኦሮሚያ ወይ ሶማሌ የሚል ነበር። አብዛኞቹ ቀበሌዎች ወደ ኦሮሚያ ሄዱ። ሐረጉን በሁለት በኩል ይቆጥር የነበረ ሰው፣ ያንን ካርድ ኮሮጆ ውስጥ ሲከት፣ ሌላኛው ወገን እንደ ክህደት ሊቆጥርበት የሚችል መልስ ሰጠ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግጦሽ ፍለጋ ወደዚያ ወገን ሲሄድ የሚጠየቀው የአያቱን ስም ሳይሆን ቀበሌው የመረጠውን ክልል ነው።